በሞዴሉ ውስጥ የትኛው ተለዋዋጭ ይግባ? የመጸዳጃ ቤት እጦትና የሕፃናት መቀንጨር

ለረጅም ጊዜ የዘለቀ የምግብ እጥረትና ተደጋጋሚ ሕመም በሕፃን ሰውነት ላይ ከሚተዉት ምልክት ዋነኛው መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ለዕድሜ ከሚገባው በታች ሆኖ መቅረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የሕፃናት እድገት መመዘኛ መሠረት፣ የአንድ ሕፃን ቁመት ለዕድሜውና ለፆታው ከተቀመጠው መካከለኛ ቁመት ከሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በላይ ዝቅ ካለ ሕፃኑ ቀንጭሯል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው በዚህ መመዘኛ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ክሮስ ሴክሽናል ይባላል፤ ተመራማሪው ወደ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የሕፃኑን ቁመት፣ የእናቱን ትምህርት፣ የቤቱን ሀብትና መጸዳጃ ቤት መኖር አለመኖሩን በአንድ ቀን የሚመዘግብበት፣ ስለዚህም ከተመዘገቡት ነገሮች የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ መረጃው ራሱ የማይናገርበት የጥናት ዓይነት ነው።

ውጤቱ «ቀንጭሯል» ወይም «አልቀነጨረም» ተብሎ ለሁለት ሲከፈል፣ ለትንተና በአብዛኛው የሚመረጠው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው በመቶኛ ሳይሆን በኦድስ ነው፤ ኦድስ ማለት ነገሩ የደረሰባቸው ሰዎች ቁጥር ላልደረሰባቸው ሰዎች ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከአንድ መቶ ሕፃናት 25ቱ ቢቀነጭሩ የመቀንጨር ኦድሱ 25 ለ75፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ይሆናል። የሁለት ቡድኖች ኦድስ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ኦድስ ሬሾ ይገኛል፤ ሌሎች ተለዋዋጮች በሞዴሉ ውስጥ ገብተው ሲሰላ ደግሞ የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ ይባላል። አስቸጋሪው ጥያቄ ያለው «የተስተካከለ» ከሚለው ቃል ኋላ ነው፦ በምን የተስተካከለ? ከዋናው ተጋላጭነት ጎን ወደ ሞዴሉ የሚገቡት ተለዋዋጮች፣ ኮቫሪየት የሚባሉት፣ በምን ሚዛን ይመረጡ?

በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠሩ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች ላይ ለዚህ ጥያቄ ተደጋግሞ የሚሰጠው መልስ ሜካኒካል ነው። ተመራማሪው ሃያም ይሁን ሠላሳ ተለዋዋጭ በየተራ ለብቻው ከመቀንጨር ጋር ያነጻጽርና ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ወደ ጋራ ሞዴል ያስገባል፤ ከዚያም በጋራ ሞዴሉ ከ0.05 በታች የወጡትን «የመቀንጨር መንስኤ ሁኔታዎች» ብሎ ይዘረዝራል። 0.25 የሚለው ቁጥር ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ቤንዴልና አፊፊ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ሚኪና ግሪንላንድ ደግሞ በ1989 ባሳተሟቸው ሥራዎች 0.05 እንደ ማጣሪያ እጅግ ጠባብ መሆኑንና አስፈላጊ ተለዋዋጮችን እንደሚጥል አሳይተዋል፤ ላላ ያለ ማጣሪያም ከዚያ በኋላ በመማሪያ መጻሕፍት ተስፋፋ። ማስጠንቀቂያ የነበረው ነገር ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ ማለት ይቻላል።

የማጣሪያው ጉድለት ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ሐሳቡ ላይ ነው። ፒ ቫልዩ የሚለካው በናሙናው ውስጥ የታየው ግንኙነት እንዲያው በአጋጣሚ ሊፈጠር መቻሉን እንጂ ተለዋዋጩ በምክንያትና በውጤት ሰንሰለቱ ላይ የት ቦታ እንደተቀመጠ አይደለም። ሁለት ተጽዕኖዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቱ የአንዱ ግንኙነት ለብቻው ሲታይ ሊደበቅ ስለሚችል፣ ሊስተካከልበት የሚገባው ተለዋዋጭ በማጣሪያው ይወድቃል፤ በአንጻሩ ጨርሶ መግባት የሌለበት ተለዋዋጭ ከመቀንጨር ጋር ያለው ግንኙነት የጠነከረ በመሆኑ ብቻ በክብር ያልፋል። ከዚህም በላይ፣ በአንድ መረጃ መርጦ በዚያው መረጃ መፈተን የመተማመኛ ክልሎችን ከሚገባቸው በላይ ያጠባል፤ ኮምፒውተሩ ምርጫው ቀድሞ መደረጉን አያውቅምና።

ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት መረጃው ከመከፈቱ በፊት፣ አንድ ጥያቄ በመለየት ነው። ለዚህ ምዕራፍ የተመረጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ በቤቱ መጸዳጃ ቤት አለመኖሩ በሕፃኑ መቀንጨር ላይ ምን ያህል ተጽዕኖ አለው? ጥያቄው ሲለይ የሌሎቹ ተለዋዋጮች ሚናም ከእርሱ አንጻር ይለያል፤ በወረቀት ላይ «መጸዳጃ ቤት» እና «መቀንጨር» ተጽፈው የቀሩት ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ጋር በቀስት ይያያዛሉ፤ ቀስቱ ከምክንያት ወደ ውጤት ያመለክታል። በዚህ ሥዕል ላይ የቤቱ ሀብት ወደ ሁለቱም ቀስት ይልካል፤ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ መጸዳጃ ቤት ይሠራል፣ ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት ይገዛል። እንዲህ ያለው የጋራ ምክንያት አደናጋሪ ተለዋዋጭ ይባላል፤ በእርሱ ካልተስተካከለ የሀብት ተጽዕኖ በመጸዳጃ ቤት ስም ይመዘገባል። የእናት ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ የመኖሪያ ቦታ ከተማ ወይም ገጠር መሆንም ከዚሁ ይመደባል።

ተቅማጥ ግን ሌላ ቦታ አለው። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ቤት ዓይነ ምድር ወደ ውኃና ወደ ምግብ ይደርሳል፣ ሕፃኑ በተቅማጥ ይያዛል፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ ደግሞ እድገትን ይገታል። ተቅማጥ እዚህ ላይ አደናጋሪ ሳይሆን ተጽዕኖው የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ በእርሱ ማስተካከል ማለት ውኃው የሚሄድበትን ቦይ ዘግቶ «ውኃ የለም» እንደማለት ነው። በመጠይቁ ላይ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሕፃኑን አስቀምጦት ነበርን?» ተብሎ የሚጠየቀው ይህ ተለዋዋጭ በ0.25 ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ማለፉም ነው ችግሩ። በተጨማሪም የሁለት ሳምንት ተቅማጥ በወራትና በዓመታት የተጠራቀመን የቁመት ጉድለት ሊያስከትል አይችልም፤ በተሻለ ሁኔታ ቢታይ የሕፃኑን ያለፈ ሕይወት በደብዛዛው የሚጠቁም ምልክት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉም አደገኛው ነው። ሕፃኑ በተጨማሪ ምግብ ፕሮግራም መታቀፉ ብዙ ጊዜ በመጠይቁ ላይ ስላለና ከመቀንጨር ጋር በብርቱ ስለሚያያዝ በሞዴል ውስጥ ሲገባ ይታያል። ነገር ግን ሕፃኑ ፕሮግራሙ ውስጥ የገባው ወይ አካሉ ስለተጎዳ ወይ ቤተሰቡ የደኸየ ስለሆነ ነው፤ ማለትም ሁለት ቀስቶች ከሁለት አቅጣጫ መጥተው እርሱ ላይ ይገናኛሉ። በእንዲህ ያለ መገናኛ ላይ ማስተካከል ቀድሞ ያልነበረ ግንኙነት ይፈጥራል፤ በፕሮግራሙ ከታቀፉት መካከል ድሃ ያልሆነው ሕፃን የገባው አካሉ በመጎዳቱ መሆን ስላለበት፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ድህነት ጤናን የሚጠብቅ መስሎ ይታያል። ተመራማሪው «መጸዳጃ ቤት ያላቸው ይበልጥ ይቀነጭራሉ» የሚል እንግዳ ውጤት ሲያገኝ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት የዚህን ዓይነት ተለዋዋጭ ነው።

የሀብት ጉዳይም ቢሆን በቅርብ ሲታይ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የቤተሰብ ሀብት የሚለካው በገቢ ሳይሆን ቤቱ ባሉት ንብረቶችና ሁኔታዎች ነው፤ ሬዲዮ፣ ሞባይል፣ የወለሉ ዓይነት፣ የውኃው ምንጭና የመጸዳጃ ቤቱ ዓይነት በአንድ ተደምረው የሀብት ደረጃ ይወጣላቸዋል። እንግዲህ መጸዳጃ ቤትን እንደ ተጋላጭነት እያጠኑ በዚህ የሀብት ደረጃ ማስተካከል በከፊል መጸዳጃ ቤትን በራሱ በመጸዳጃ ቤት ማስተካከል ይሆናል። ምልክቱም ይታወቃል፦ የሀብት ደረጃው እንደገባ የመጸዳጃ ቤት ኦድስ ሬሾ ወደ 1 ይጠጋል፣ የመተማመኛ ክልሉም ይሰፋል። መፍትሔው የመጸዳጃ ቤቱን ጥያቄ አውጥቶ የሀብት ደረጃውን ከቀሩት ንብረቶች እንደገና ማስላት ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖ ሳለ በብዙ ጥናቶች ላይ አይሠራም።

ይህ ሁሉ በቁጥር ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ለማብራሪያ ብቻ የተዘጋጀ አንድ ናሙና እንመልከት። ናሙናው 790 ሕፃናት አሉት፤ ከእነርሱ 400ዎቹ ከድሃ፣ 390ዎቹ ከተሻለ ቤት የመጡ ናቸው። ከድሃዎቹ ውስጥ መጸዳጃ ቤት ከሌላቸው 300 ሕፃናት 150ዎቹ፣ ካላቸው 100 ሕፃናት ደግሞ 40ዎቹ ቀንጭረዋል። ከተሻሉት ቤቶች መጸዳጃ ቤት ከሌላቸው 90 ሕፃናት 30ዎቹ፣ ካላቸው 300 ሕፃናት 75ቱ ቀንጭረዋል። የሀብት ልዩነቱ ሳይታይ ሁሉም በአንድ ሲደመሩ፣ መጸዳጃ ቤት ከሌላቸው 390 ሕፃናት 180ዎቹ፣ ካላቸው 400 ሕፃናት 115ቱ ቀንጭረዋል፤ ኦድሶቹ 180 ለ210 እና 115 ለ285 ስለሆኑ ያልተስተካከለው ኦድስ ሬሾ 2.12 ይሆናል።

አሁን በእያንዳንዱ የሀብት ደረጃ ውስጥ ተለይቶ ይሰላ። በድሃዎቹ ዘንድ 150 ለ150 ለ40 ለ60 ሲካፈል 1.5 ይመጣል፤ በተሻሉት ዘንድ 30 ለ60 ለ75 ለ225 ሲካፈል አሁንም 1.5 ነው። ከ2.12 ወደ 1.5 የወረደው ክፍተት የመጸዳጃ ቤት ተጽዕኖ አልነበረም፤ መጸዳጃ ቤት የሌላቸው በአብዛኛው ድሆች በመሆናቸው የመጣ ነው። በስታታ ሶፍትዌር ይኸው ሥራ በሦስት መስመር ይጠናቀቃል፦

```
logistic stunted i.nolatrine i.poor
margins nolatrine
margins, dydx(nolatrine)
```

የመጀመሪያው መስመር የሚያወጣው ሰንጠረዥ ለመጸዳጃ ቤት አለመኖር 1.50 የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ፣ ከ1.07 እስከ 2.11 የሚዘረጋ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልልና 0.020 ፒ ቫልዩ ያሳያል። ለድህነት ደግሞ 2.00 ከ1.42 እስከ 2.82 ያሳያል። ከታች `_cons` ተብሎ የሚነበበው 0.33 ደግሞ ኦድስ ሬሾ አይደለም፤ የመነሻው ቡድን፣ ማለትም ከተሻለ ቤት የመጡና መጸዳጃ ቤት ያላቸው ሕፃናት ኦድስ ነው፤ 75 ለ225 ብሎ በእጅ ማረጋገጥ ይቻላል።

ቀጣዩ ፈተና 1.50ን በቃል መግለጽ ነው። «መጸዳጃ ቤት የሌላቸው ሕፃናት የመቀንጨር ዕድላቸው በ1.5 እጥፍ ይበልጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየጥናቱ ማጠቃለያ ይገኛል፣ ግን ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛ፣ በ1.5 እጥፍ «ይበልጣል» ሲባል ሁለት እጥፍ ተኩል ነው ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ትክክለኛው አነጋገር «1.5 እጥፍ ነው» ወይም «በ50 በመቶ ይበልጣል» ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ 1.5 የኦድስ እንጂ የዕድል ንጽጽር አይደለም። በድሃዎቹ ዘንድ ከመቶ 50 እና ከመቶ 40 ተነጻጽረው ዕድሉ 1.25 እጥፍ ብቻ ነው፤ በተሻሉት ዘንድ 33 እና 25 ተነጻጽረው 1.33 ነው። ችግሩ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ሲደርስ ኦድስና ዕድል ይቀራረባሉ፤ መቀንጨር ግን ከሦስት ሕፃናት ከአንዱ በላይ ስለሚነካ ኦድስ ሬሾው ከእውነተኛው የዕድል ንጽጽር አጋኖ ያሳያል።

የቀሩት ሁለት መስመሮች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። ሁለተኛው መስመር፣ የናሙናው የሀብት ስብጥር እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉም ሕፃናት መጸዳጃ ቤት ባይኖራቸው ከመቶ 41.8፣ ሁሉም ቢኖራቸው ደግሞ ከመቶ 32.6 እንደሚቀነጭሩ ያሰላል። ሦስተኛው መስመር ልዩነቱን፣ 9.2 የመቶኛ ነጥብ፣ ከመተማመኛ ክልሉ ጋር ያወጣል። የወረዳ ጤና ባለሙያ የኦድስ ሬሾን ትርጉም ባያስታውስም ከመቶ ሕፃናት ዘጠኝ የሚለውን ልዩነት በቀላሉ ይረዳዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢጻፉ ይመረጣል። መረጃው በቀበሌ እየተመደበ የተሰበሰበ ከሆነ፣ የአንድ ቀበሌ ሕፃናት እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ፣ ትእዛዞቹ ናሙናው የተወሰደበትን መንገድ እንዲያውቁ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ ክልሎቹ በሐሰት ይጠባሉ።

በሰንጠረዡ ላይ 2.00 ሆኖ የተቀመጠው የድህነት መስመር ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። መጸዳጃ ቤት አለመኖር በከፊል የድህነት ውጤት ስለሆነ፣ እርሱ በሞዴሉ ውስጥ እያለ የሚነበበው 2.00 የድህነት ሙሉ ተጽዕኖ ሳይሆን በመጸዳጃ ቤት በኩል ሳያልፍ የሚደርሰው ክፍል ብቻ ነው። ዌስትራይክና ግሪንላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ስሕተት «የሁለተኛው ሰንጠረዥ» ስሕተት ብለው ሰይመውታል፤ የሕክምና ጽሑፎች ሁለተኛ ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ ይህን ዓይነት ሞዴል ስለሚይዝና አንባቢው እያንዳንዱን መስመር በእኩል ዓይን ስለሚያነብ። የእናት ትምህርት ወደዚሁ ሞዴል ቢጨመርና ኦድስ ሬሾው ወደ 1 ተጠግቶ ፒ ቫልዩው ቢተልቅ፣ ተመራማሪው «የእናት ትምህርት ከመቀንጨር ጋር ግንኙነት የለውም» ብሎ መደምደም አይችልም። ትምህርት የሚሠራው የተማረች ሴት የተሻለ ገቢ ስለሚኖራት፣ መጸዳጃ ቤትም ስለምታሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሞዴሉ ግን እነዚያን መንገዶች አስቀድሞ ዘግቷቸዋል። የትምህርትን ሙሉ ተጽዕኖ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሥዕልና ሌላ ሞዴል ያስፈልገዋል፤ በዚያ ሞዴል የአሁኑ ሀብትና መጸዳጃ ቤት አይገቡም፣ እናትየው ያደገችበት ቤተሰብ ሁኔታ ግን ቢገኝ ይገባል። በአንድ ሞዴል የአሥር ተለዋዋጮችን ተጽዕኖ በአንድ ጊዜ ለማወቅ መሞከር ከአሥሩ ዘጠኙን በስሕተት ወደ ማንበብ ያመራል።

የሕፃኑ ዕድሜስ? ዕድሜ ከመቀንጨር ጋር ያለው ግንኙነት ብርቱ ነው፤ መቀንጨር ከስድስት ወር በኋላ እየጨመረ ሄዶ በሁለተኛው የልደት ዓመት አካባቢ ከፍ ይላል። ነገር ግን የሁለት ዓመትና የአራት ዓመት ሕፃን ያላቸው ቤቶች በመጸዳጃ ቤት ረገድ ያን ያህል አይለያዩምና ዕድሜ እዚህ ላይ ደካማ አደናጋሪ ነው። ቢገባ ጉዳት የለውም፤ ሆኖም በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ውጤቱን አጥብቆ የሚተነብይ ተለዋዋጭ ሲጨመር፣ ምንም አደናጋሪነት ሳይኖረው፣ የሌላው ተለዋዋጭ ኦድስ ሬሾ ከ1 ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ኮቫሪየት ሲጨመር ኦድስ ሬሾው በ10 በመቶ ከተቀየረ «አደናጋሪ ነው» የሚለው የተለመደ ደንብ በዚህ ዘዴ ሁልጊዜ አይታመንም፤ በ`margins` የሚወጣውን የመቶኛ ልዩነት ማነጻጸር የተሻለ ምስክር ነው።

ኮቫሪየቶቹ በጥንቃቄ ተመርጠው እንኳ 1.50 ምን ያህል ይታመናል? ለዚህ ከምልከታ ጥናት ውጭ የመጣ ጠንካራ ማነጻጸሪያ አለ። ብዙ ዳሰሳዎች መጸዳጃ ቤት የሌላቸው ሕፃናት ይበልጥ እንደሚቀነጭሩ አሳይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከባንግላዴሽና ከኬንያ፣ በ2019 ደግሞ ከዚምባብዌ የታተሙት ትልልቅ ጥናቶች መንደሮችን በዕጣ መርጠው ለአንዱ ቡድን የተሻለ መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የታከመ ውኃ ሲያቀርቡ ሕፃናቱ በቁመት ብልጫ አላሳዩም፤ የምግብ ድጋፍና የአመጋገብ ምክር በተጨመረባቸው ቡድኖች ግን መጠነኛ ብልጫ ታየ። አንዱ ማብራሪያ የአንድ ቤት መጸዳጃ ቤት ጎረቤቶች ሜዳ ላይ እስከተጸዳዱ ድረስ አካባቢውን አያጸዳም የሚል ነው። ሌላው ግን ቀጥታ ይህን ምዕራፍ ይመለከታል፦ ዳሰሳዎቹ የተስተካከሉበት ሀብት ድህነትን በሙሉ አልያዘም።

በምሳሌው ላይ ሀብት ለሁለት ብቻ ተከፍሎ ነበር። «ድሃ» በተባለው ቡድን ውስጥ መጸዳጃ ቤት ያላቸው 100 ቤቶች ከሌላቸው 300 ቤቶች ጥቂት የተሻሉ መሆናቸው አይቀርም፤ አንዲት ላም፣ የቆርቆሮ ክዳን ወይም ከተማ ሄዶ የሚሠራ ልጅ ሊኖራቸው ይችላል፤ ያ ልዩነት በ1.50 ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ሀብቱ ለሁለት ሳይሆን ለአምስት ተከፍሎ፣ ከተቻለም ሳይከፈል በቀጣይነት ገብቶ፣ የመሬት ስፋትና የከብት ቁጥር ተጨምሮበት ሞዴሉ እንደገና ይሠራል። የመጸዳጃ ቤት ኦድስ ሬሾ በየደረጃው ከ1.5 ወደ 1.3፣ ከዚያም ወደ 1.2 እየወረደ ከሄደ፣ ያልተለካው የሀብት ክፍል ቢለካ ኖሮ መውረዱ ሊቀጥል እንደሚችል ጽሑፉ በውጤት ክፍሉ ውስጥ፣ ከሦስቱ ቁጥሮች ጋር፣ ሊገልጽ ይገባል።